ከዕቃ ቤቱ መጀመሪያ የሚወጣው

የአንድ ቅርስ ቦታ የአደጋ ዝግጁነት ዕቅድ አራት ጥያቄዎችን ከአደጋው በፊት መልሶ የሚያስቀምጥ አጭር ሰነድ ነው፦ በዚህ ቦታ ምን ሊደርስ ይችላል? በዚያ ሰዓት የሚያዘው ማን ነው? ቁልፉ ማን ዘንድ ይገኛል? መጀመሪያ የሚድነውስ የትኛው ዕቃ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ መመለስ ይቻላል። አራተኛው ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ ብዙ ቦታዎችም ሳይመልሱት ይቀራሉ። እሳት በተነሣ ጊዜ ያልተዘጋጀ ሰው የሚያወጣው ለእጁ የቀረበውን ነው። ምንጣፍ፣ ወንበርና ጃንጥላ ተርፈው የስድስት መቶ ዓመት ብራና ውስጥ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ለመረዳት በደጋው አገር በብዙ ቦታ የሚገኝ ዓይነት አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንውሰድ። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ የጣሪያው ማገርና ወራጅ እንጨት ነው። የመቅደሱ ግድግዳ በጨርቅ ላይ ተሥለው በተለጠፉ ሥዕሎች ተሸፍኗል። ከግቢው ጥግ በድንጋይ የተሠራ፣ አንድ ጠባብ በርና አንዲት ትንሽ መስኮት ያለው ዕቃ ቤት አለ። በውስጡ ስልሳ ያህል የብራና መጻሕፍት፣ የመጾር መስቀሎች፣ የብር ጽናዎች፣ አክሊሎች፣ አልባሳትና ከበሮዎች ይገኛሉ። ቁልፉ ከቄሰ ገበዙ ጋር ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ በሰበካ ጉባኤው አባል እጅ ስለሆነ ሁለቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። ይህ ነባር ሥርዓት ለሌባ ጥሩ መከላከያ ነው። በእሳት ቀን ግን እንቅፋት ይሆናል።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሚያዝያ 15 ቀን 2019 በፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል የማስጠንቀቂያ ደወል የጮኸው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነበር። ደወሉ ሠርቷል፤ ያልሠራው በደወሉና በሰው መካከል ያለው ግንኙነት ነው። የተላከው ጥበቃ ሠራተኛ የወጣው ወደ ዋናው ጣሪያ ሳይሆን ወደ ዕቃ ቤቱ ሕንፃ ጣሪያ ነበር፤ እዚያ ምንም አላየም። ስህተቱ ታውቆ ትክክለኛው ጣሪያ እስኪታይ ሠላሳ ደቂቃ ያህል አለፈ። እሳቱ የተያያዘበት የእንጨት ጣሪያ በመካከሉ እሳት የሚገታ ግድግዳ አልነበረውም፤ ስለዚህ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያለ ከልካይ ሄደ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የሕንፃው ሹል ማማ ወደቀ።

በዚያው ሰዓት ውስጥ የገቡት እሳት አጥፊዎች ንዋያቱን ማውጣት ጀምረው ነበር። ካቴድራሉ በክርስቶስ ራስ ላይ የነበረ እንደሆነ የሚታመን የእሾህ አክሊል አለው፤ በመጀመሪያ ተይዞ የወጣው ግን ቅጂው እንደነበር በኋላ ተነግሯል። እውነተኛው በመቆለፊያ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ የሣጥኑን ቁጥር የሚያውቀው ኃላፊ ደግሞ ያን ምሽት ከከተማው ውጭ፣ ቬርሳይ ነበር። እየተቻኮለ ተመልሶ ሣጥኑ እስኪከፈት ሰዓት ሄደ። አክሊሉ ተርፏል። ሆኖም በዓለም እጅግ ከሚጎበኙት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ፣ ዝርዝርና የሠለጠነ ሠራዊት እያለው፣ ዋናውን ዕቃ ያዳነው የአንድ ሰው ጉዞ ተሳክቶ ነው።

ስለዚህ የዕቅዱ መጀመሪያ ገጽ ስለ ቁልፍ መሆን አለበት። በምሳሌያችን ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ ቁልፍ ያዦች ለገበያም ሆነ ለልቅሶ ሲሄዱ ሊሆን የሚገባው ተጽፎ ይቀመጣል። ተጨማሪ ቁልፎች በታሸገ ፖስታ ሆነው ለአስተዳዳሪው ይሰጣሉ፤ ፖስታው ላይ ሦስት ሰዎች ይፈርማሉ፤ በየወሩም ማሸጊያው አለመነካቱ ይታያል። በዚህ መንገድ ሥርዓቱ ከሌባ እንደጠበቀ ይቆያል፣ በእሳት ቀንም በሩ ይከፈታል። የኖትር ዳም ጥበቃ ወደ ተሳሳተ ጣሪያ የወጣበትን ዓይነት ስህተት ለማስቀረት ደግሞ እያንዳንዱ ሕንፃና ክፍል በአካባቢው ሰው ሁሉ የሚታወቅ አንድ ስም ይኖረዋል። ደወል የሚደውለው፣ የሚሮጠውና በስልክ የሚናገረው ሦስቱም ያንኑ ስም ይጠቀማሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የማዳን ዝርዝሩ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ጋር ይምታታል። መዝገብ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል፤ የማዳን ዝርዝር ግን የሚወጣውን ብቻ ነው የሚይዘው። ርዝመቱን የሚወስነው የዕቃው ክቡርነት አይደለም፤ የእጅና የደቂቃ ብዛት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። እሳቱ ገና ዕቃ ቤቱን ካልያዘና ጭስ ካልገባ፣ ለማውጣት አሥር ደቂቃ አለ እንበል። ሌሊት በአጭር ጥሪ ሊደርሱ የሚችሉ ስድስት ሰዎች አሉ። ከመደርደሪያው እስከ አስተማማኙ ማረፊያ ሄዶ ለመመለስ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ጠቅላላው አሥራ ስምንት ሸክም ነው። ስልሳው መጽሐፍ ሊወጣ አይችልም ማለት ነው። ሁለት ሰው የሚይዘው ከባድ ሣጥን ሁለት ሸክም ይበላል። በጠባቡ በር ሁለት ሰው መተላለፍ ካልቻለ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል። ይህን ስሌት ያልሠራ ዕቅድ መቶ ዕቃ ይዘረዝራል፤ መቶ ዕቃ የተዘረዘረበት ወረቀት ደግሞ ከባዶ ወረቀት አይሻልም።

አሥራ ስምንቱን ለመምረጥ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይታያል። የመጀመሪያው ዕቃው ቢጠፋ የሚተካው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። አንድ ዳዊት ምንም ቢያረጅ በአካባቢው ተመሳሳዮቹ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። በዳርቻው የመሬት ስጦታና የነገሥታት ማስታወሻ የተጻፈበት ወንጌል ግን የዚያ ቦታ ብቸኛ ሰነድ ነው። ሁለተኛው ዕቃው አደጋውን ምን ያህል ይቋቋማል የሚለው ነው። ሦስተኛው አንድ ሰው ሳይጎዳው ሊሸከመው ይችላል ወይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲታይ ዝርዝሩ ይጣመማል፤ የብር ሚዛን ወይም የቱሪስት አድናቆት ከብራናው በፊት ሲሰለፍ የሚታየው ለዚህ ነው። ምርጫው በአንድ ሰው ሚዛንም ሊሆን አይገባም። ቄሰ ገበዙ፣ መሪጌታው፣ በአካባቢው ያለ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ባለሙያና ከምእመናኑ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ቢከራከሩበት ይሻላል፤ ባለሙያው የማያውቀውን ክብር ሽማግሌው ያውቃል፣ ሽማግሌው የማያየውን ሻጋታ ባለሙያው ያያል።

ከዝርዝሩ ውጭ የሚቆም አንድ ነገር አለ። ታቦቱን ሥልጣነ ክህነት ካለው ሰው በቀር የሚነካው የለም፤ መቅደስም የሚገቡት የተሾሙ ናቸው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ በር ላይ ደርሶ ይህን ከሰማ ክርክር ይነሣል፣ ደቂቃም ይባክናል። ስለዚህ ለታቦቱ የተመደቡት ካህናት ስምና ምትካቸው ተጽፎ ይቀመጣል፤ የእሳት አደጋ ጣቢያውም ይህን አስቀድሞ ያውቃል። በቅደም ተከተሉ ውስጥ ቁጥር አይሰጠውም፤ የራሱ ሰዎችና የራሱ መንገድ አለው። ከእርሱም ሆነ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ግን የሰው ሕይወት ይቀድማል። ጭስ በገባበት ክፍል ማንም ዕቃ ለማውጣት አይገባም፤ ጭሱ ከነበልባሉ ቀድሞ ይገድላልና።

የግድግዳው ሥዕሎችስ? እነርሱ አይወጡም። ለማይንቀሳቀስ ቅርስ የሚደረገው ከአደጋው በፊት በዝርዝር ፎቶግራፍ ማንሣትና በአደጋው ቀን የሚረጨው ውሃ በቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳያርፍ ለእሳት አጥፊዎች በግልጽ መናገር ነው። በእሳቱ ከሚጠፋው ይልቅ በማጥፊያው ውሃ የሚበላሸው ብዙ የሆነባቸው አጋጣሚዎች አሉ። በመስከረም 2004 በጀርመን ቫይማር ከተማ የአና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል 50,000 ያህል መጻሕፍት ጠፉ፤ በእሳትና በውሃ የተጎዱት ግን 62,000 ያህል ነበሩ። ሰዎች ተሰልፈው እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ 28,000 ያህል አውጥተዋል። ከእነዚያ መካከል ሉተር የተረጎመው የ1534ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ይገኝበታል። የሚያሳዝነው፣ መጻሕፍቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አዲስ መጋዘን ሊዛወሩ ተወስኖ የነበረ መሆኑ ነው።

ዝርዝሩ ለእሳት ከተዘጋጀ በኋላ ለጎርፍ እንደገና መታየት አለበት፤ ያው ዕቃ በተለያየ አደጋ የተለያየ ቦታ ይይዛልና። የነሐስ መስቀል ውሃ ቢያገኘው ታጥቦ ይደርቃል፤ በጎርፍ ዝርዝር የመጨረሻ ነው። ብራናው ደግሞ ተገላባጭ ነው። በእንጨት ገበታ መካከል ተጠርቆ የተዘጋ ወፍራም መጽሐፍ እሳት ሲነካው መጀመሪያ ጠርዙ ይከስላል፤ መካከሉ ሊተርፍ ይችላል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ቅጠሎቹ ያብጣሉ፣ ይጣበቃሉ፤ ቀለሙም በተለይ ቀዩ ሊፈስ ይችላል። በጎርፍ ቀን ብራና ቀዳሚ ነው። ለጎርፍ የሚደረገውም ማውጣት ሳይሆን ማንሣት ነው፤ ከታችኛው መደርደሪያ ወደ ላይኛው። ይህ ደግሞ ከአደጋው በፊት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው፦ የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ከፍ ይላል፣ ብራና በላዩ አይቀመጥም፣ ከታች ከበሮና ነሐስ ይሆናል። በኅዳር 1966 የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን ሲያጥለቀልቅ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የነበሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ሰነዶች በጭቃና በነዳጅ ተዘፈቁ። ጥፋቱን ያበዛው የቦታ ምርጫ ነበር።

በደጋው አገር ጎርፍ ሲባል ወንዝ ብቻ መታሰብ የለበትም። አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ከላይ የሚመጣው ነው፦ ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮ፣ ቅጠል የደፈነው አሸንዳ፣ ግድግዳውን የሚከብበው ቦይ በደለል መሞላት። ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ የሚወጣ ሰው መመደብ ከየትኛውም መሣሪያ ይልቅ ርካሽ ነው። ምልክቱም በዓይን ይታያል፤ በግድግዳው ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ካለ ውሃው መንገድ ጀምሯል።

መጽሐፍ ከረጠበ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሻጋታ በአርባ ስምንትና በሰባ ሁለት ሰዓት መካከል ይጀምራል፤ በሞቃትና እርጥብ ክፍል ደግሞ ቶሎ ይመጣል። በዚህ ጊዜ የሚፈጸመው የተለመደ ስህተት መጽሐፉን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ሙቀት ያገኘው እርጥብ ብራና ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፤ በጣም ሲሞቅ እንደ ሙጫ ይቀልጣል፣ ያም አይመለስም። ትክክለኛው መንገድ ጥላ፣ ነፋስና ትዕግሥት ነው። መጽሐፉ ተዘግቶ በጭቃ የተሸፈነ ከሆነ አይከፈትም፤ ጭቃው በውጭ በኩል በንጹሕ ውሃ ብቻ ይነሣል። ያበጡ ቅጠሎች በኃይል አይላቀቁም። መከፈት የሚችለው በነፋስ መተላለፊያ ይቀመጥና በቅጠሎቹ መካከል ንጹሕ መምጠጫ ወረቀት ወይም ጥጥ ጨርቅ ይገባል፤ ሲርስ ይለወጣል። መጻሕፍቱ ከሚገኘው እጅ በላይ ከሆኑ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባታቸው ሻጋታውን ያቆመዋል። የቫይማሮቹ መጻሕፍትም በቶሎ ወደ ላይፕዚግ ተወስደው በብርድ ተይዘው ነበር። ማቀዝቀዝ አያክምም፣ ጊዜ ብቻ ይገዛል፤ ብራና ከብርዱ ሲወጣ ባለሙያ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ በአቅራቢያው ከተማ የሥጋ ወይም የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል ያለው ነጋዴ ማን እንደሆነ፣ ለሁለት ቀን ቦታ ይሰጥ እንደሆነ፣ በዕቅዱ ላይ ከነስልክ ቁጥሩ ይጻፋል።

ዘረፋ ሲመጣ ዝርዝሩ ለሦስተኛ ጊዜ ይገለበጣል። በእሳት መካከለኛ የነበረው፣ በጎርፍ የመጨረሻ የነበረው መስቀል አሁን የመጀመሪያ ይሆናል፤ ትንሽ ነው፣ ይሸጣል፣ በልብስ ሥር ይደበቃል። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፦ የማዳን ዝርዝሩ ራሱ ለሌባ የተዘጋጀ መመሪያ ይመስላል። ሌባ የሚፈልገው የትኛው ዕቃ ከሁሉ እንደሚበልጥና የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ነው፤ ዝርዝሩም የያዘው ይህንኑ ነው። በግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ በስልክ አይላላክም። ሦስት ቅጂ በቂ ነው፤ አንዱ በአስተዳዳሪው፣ አንዱ በወረዳው ቤተ ክህነት፣ አንዱ በታሸገ ፖስታ ለእሳት አደጋ ጣቢያ። ለተሸካሚዎቹ የሚሰጠው ወረቀት የመደርደሪያና የቦታ ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ «ሁለተኛው መደርደሪያ፣ አራተኛው ቦታ» የሚል ሰው የሚሸከመው ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም።

የጦርነት ዘረፋ ይህን ሁሉ ያከብደዋል። በሚያዝያ 2003 ባግዳድ ስትያዝ ከኢራቅ ሙዚየም 15,000 ያህል ዕቃዎች ተዘረፉ። ጉዳቱ ከዚህ ያልከፋው ሠራተኞቹ ከጦርነቱ በፊት በማሳያ ሣጥኖች ውስጥ የነበሩትን በሺህ የሚቆጠሩ ዕቃዎች ጥቂት ሰዎች ብቻ ወደሚያውቁት ምስጢራዊ ቦታ ስላዛወሩ ነው፤ ቦታውን ላለመናገርም በቁርኣን ምለው ነበር። የናምሩድ ወርቅ ደግሞ ከዚያ በፊት ወደ ማዕከላዊ ባንክ ካዝና ሄዶ ነበር። ዘራፊ አላገኘውም፣ ውሃ ግን አገኘው፤ ካዝናው ተጥለቀለቀ። ወርቁ ውሃ አልጎዳውም። አብረው የተቀመጡት የዝሆን ጥርስ ቅርጾች ግን ክፉኛ ተበላሹ። ከአንድ አደጋ መሸሸጊያ የሚመረጠው ቦታ ለሌሎቹ ሁለት አደጋዎችም መፈተሽ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ብራና ለመደበቅ የሚታሰብ ዋሻ ክረምት ላይ ጠብታ እንዳለው ሳይታይ መመረጥ የለበትም።

ለዘረፋ ትልቁ መከላከያ ግን ቁልፍ ሳይሆን ማስረጃ ነው። የጠፋ ዕቃ በጨረታ ላይ ሲታይ ባለቤቱ የራሱ መሆኑን ማሳየት አለበት። ለእያንዳንዱ ዕቃ አራት ነገር ያስፈልጋል፦ ከመለኪያ ጋር የተነሣ ፎቶ፣ ቁመቱና ወርዱ፣ የተሠራበት ነገር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልዩ ምልክቱ። ስንጥቅ፣ የተጣፈ ቦታ፣ የጎደለ ጌጥ ወይም የጸሐፊ ስህተት ከውበቱ ይልቅ ይጠቅማል፤ ሁለት መስቀል ሊመሳሰል ይችላል፣ ሁለት ስንጥቅ ግን አይመሳሰልም። ብራና ላይ ሌባ መጀመሪያ የሚፍቀው የባለቤትነት ማስታወሻውን ስለሆነ ፎቶው በውስጥ ያሉ ሌሎች ገጾችንና የብራናውን ስፌትና ቀዳዳ መያዝ አለበት። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ መጻሕፍትን ማይክሮፊልም ያነሣው ፕሮጀክት የደብረ ሊባኖስን አንድ ብራና ቀርጾ ስለነበር፣ መጽሐፉ በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲገኝ ማንነቱ ተለይቶ በ2016 ለገዳሙ ተመልሷል። በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀልም ቤልጅየም ተገኝቶ በ2001 የተመለሰ ነው።

ዘረፋ በአደጋው ቀን በራሱ ላይም ሊደርስ ይችላል። እሳት ሲነሣ ግቢው በሰው ይሞላል፣ ሁሉም ይሸከማል፣ ማን ምን እንደያዘ አይታወቅም። ለዚህ ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ በዕቃ ቤቱ በር ቆሞ የወጣውን ቁጥር ይጽፋል፣ ሌላው በማረፊያው ቆሞ የደረሰውን ይጽፋል። ሁለቱ ወረቀቶች ማታ ይመሳከራሉ። ማረፊያውም በሜዳ ላይ መሆን የለበትም፤ በር ያለው፣ ደረቅ፣ ከነፋሱ አቅጣጫ በተቃራኒ የሆነ ቤት ይመረጣል።

ስለ እሳት መከላከል ከዚህ በኋላ የሚቀረው አጭር ነው። ጧፍና ፍም ከጨርቅ ግድግዳ መራቅ፣ ያረጀ የኤሌክትሪክ ገመድ መለወጥ፣ ለመብረቅ መሬት የሚወርድ ሽቦ ማቆም። በጥገና ወቅት ብየዳ ካለ ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሰው ቆሞ መጠበቅ አለበት፤ የገባ ፍንጣሪ እንጨት ውስጥ ተዳፍኖ ሊቆይ ይችላልና። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ለሁሉ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ዱቄቱ ብረትን ያዝጋል፣ ከብራናም ላይ ለማንሣት አስቸጋሪ ነው። ዕቃ ቤት ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓይነት ቢኖር ይመረጣል፤ ትንሽ ክፍል ውስጥ ግን አየሩን ስለሚያሳጣ ከተነፋ በኋላ ሰው መቆየት የለበትም። የዱቄት ማጥፊያው የግፊት መለኪያ መርፌ ያለበትን ቀለም በየወሩ ማየት አንድ ደቂቃ ይፈጃል።

የተጻፈ ዕቅድ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በልምምድ ነው። በዓመት አንድ ቀን ስድስቱ ሰዎች ይጠራሉ፣ በእውነተኛው ዕቃ ፋንታ ተመሳሳይ ክብደት ያለው እንጨት ይሸከማሉ፣ ሰዓት ይያዛል። በመጀመሪያው ልምምድ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ችግር አንድ ዓይነት ነው፦ ከባዱ ሣጥን በበሩ አይወጣም፣ የመደርደሪያው ቁጥር ተፍቋል፣ ወይም ቁልፍ ያዡ ስልኩን ቀይሯል። በሩ የማያስወጣው ሣጥን በትናንሽ ይከፈላል። አሥራ ስምንቱ ሸክም በአሥር ደቂቃ ካልወጣ ዝርዝሩ ወደ አሥራ ሁለት ይቀነሳል፤ ሰዎቹ በፍጥነት እንዲሮጡ አይነገራቸውም። ቄሰ ገበዝ ሲለወጥ፣ አዲስ መደርደሪያ ሲገባ ወይም አንድ መጽሐፍ ለጥገና ሲወጣ ሦስቱም ፖስታዎች ይከፈታሉ፣ ወረቀቱ ይታደሳል፣ አሮጌው ይቃጠላል።